ለውሃ ማጠራቀሚያ የሚጨመረውን ክሎሪን በልክ ስለመወሰን

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለህብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

በወተት መሰብሰቢያ ጣቢያዎችና በህብረት ሥራ ማኅበራት ግቢ በሚገኙ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ክሎሪን መጨመር የተለመደ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ መጠኑ ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው በግምት ነው። «ለአንድ ጋን አንድ ማንኪያ» የሚለው ልማድ ጋኑ ሙሉ ይሁን ጎዶሎ፣ መድኃኒቱ አዲስ ይሁን የቆየ፣ ውሃው ጥሩ ይሁን ድፍርስ አይለይም። መድኃኒቱ ሲያንስ ያልታከመ ውሃ እንደ ታከመ ተቆጥሮ ይጠጣል፤ የወተት ዕቃም ይታጠብበታል። ሲበዛ ደግሞ ሽታው ተጠቃሚውን ስለሚያርቀው ሰው ተመልሶ ወደ ወንዙ ይወርዳል። በሁለቱም በኩል ውጤቱ አንድ ነው፦ በሽታን ለመከላከል የወጣው ገንዘብና ድካም ከንቱ ይሆናል።

ስሌቱ ከአራቱ የሒሳብ መደቦች ማባዛትንና ማካፈልን ብቻ የሚጠይቅ ነው። ለዚህም ሦስት ነገሮችን ማወቅ ያስፈልጋል፤ እነርሱም በማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ውሃ ስንት እንደሆነ፣ የመድኃኒቱ ጥንካሬ ስንት እንደሆነና ውሃው ምን ያህል ክሎሪን እንደሚፈልግ ናቸው። ከዚህ በታች እያንዳንዱን በአንድ ምሳሌ እንከተላለን። ምሳሌው በአንድ የወተት አምራቾች ህብረት ሥራ ማኅበር ግቢ ያለ፣ ከምንጭ በቧንቧ የሚሞላ ክብ የግንብ ማጠራቀሚያ ነው።

1. ፒ.ፒ.ኤም. ማለት ምን ማለት ነው?

ፒ.ፒ.ኤም. «ከሚሊዮን እጅ አንዱ እጅ» ማለት ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ግራም ወይም አንድ ሚሊዮን ሚሊ ግራም ይመዝናል። ስለዚህ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ሚሊ ግራም ክሎሪን ካለ መጠኑ 1 ፒ.ፒ.ኤም. ነው። ይህ አነጋገር ለሥራ እንዲመች ወደ ትልልቅ መስፈሪያ ሲለወጥ፣ በአንድ ሜትር ኩብ ወይም በ1,000 ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ግራም ክሎሪን ማለት ይሆናል። ሊታወስ የሚገባው ይህ ነው። ከዚህም የሚከተለው ደንብ ይገኛል፦

የውሃው መጠን በሜትር ኩብ × የተፈለገው ፒ.ፒ.ኤም. = የሚያስፈልገው ንጹሕ ክሎሪን በግራም

2. የውሃው መጠን አለካክ

የሚለካው ጋኑ ሳይሆን በውስጡ ያለው ውሃ ነው። በላስቲክ ጋን ላይ የተጻፈው ቁጥር ጋኑ ሞልቶ ሲገኝ ብቻ የሚሠራ ነው። በግንብ ማጠራቀሚያም ቢሆን ውሃው ከትርፍ ውሃ ማፍሰሻው ቱቦ በላይ ስለማይወጣ፣ የግድግዳውን ቁመት እንደ ውሃው ጥልቀት መውሰድ ስህተት ነው።

የምሳሌያችን ማጠራቀሚያ በውስጥ በኩል ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 2.4 ሜትር ስፋት አለው። የስፋቱ ግማሽ 1.2 ሜትር ነው። የወለሉ ስፋት 3.14 × 1.2 × 1.2 = 4.52 ሜትር ካሬ ይሆናል። ሞልቶ ሲገኝ የውሃው ጥልቀት 1.5 ሜትር ስለሆነ፣ የውሃው መጠን 4.52 × 1.5 = 6.78 ሜትር ኩብ ወይም 6,780 ሊትር ነው። ማጠራቀሚያው አራት ማዕዘን ቢሆን ኖሮ ርዝመቱን በወርዱና በውሃው ጥልቀት ማባዛት ይበቃ ነበር።

ይህን ሒሳብ በየቀኑ ማስላት አያስፈልግም። በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት የተደረገበት ንጹሕ ዘንግ ይዘጋጅ። በዚህ ማጠራቀሚያ ውስጥ እያንዳንዱ 10 ሴንቲ ሜትር 452 ሊትር ውሃ ይይዛል። ዘንጉ ለዚህ ሥራ ብቻ ተለይቶ በንጹሕ ቦታ መቀመጥ ይኖርበታል፤ አለበለዚያ ቆሻሻ ወደ ውሃው ያስገባል።

3. የመድኃኒቱ ጥንካሬ

በገበያ የሚገኝ መድኃኒት ሁሉ ንጹሕ ክሎሪን አይደለም። ኤች.ቲ.ኤች. በመባል የሚታወቀው ነጭ ዱቄት (ካልሲየም ሃይፖክሎራይት) አዲስ ሲሆን ከ65 እስከ 70 በመቶ የሚሆን ሊሠራ የሚችል ክሎሪን ይይዛል። በረኪና ፈሳሽ ሲሆን ጥንካሬው ዝቅ ያለ ነው፤ መያዣው ላይ 5 በመቶ የሚል ከተጻፈበት በአንድ ሊትሩ ውስጥ 50 ግራም ያህል ክሎሪን አለ። ሽቶ ወይም ሳሙና የተቀላቀለበት በረኪና ለመጠጥ ውሃ ፈጽሞ አይውልም።

በዚህ ምክንያት በመጀመሪያው ደንብ የተገኘው ግራም በመድኃኒቱ ጥንካሬ መካፈል አለበት። ለ65 በመቶ ኤች.ቲ.ኤች. የተገኘውን ግራም በ100 ማባዛትና ለ65 ማካፈል ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየው ስህተት ማካፈል ሲገባ ማባዛት ነው። ስህተቱን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ፦ የሚመዘነው ዱቄት ምንጊዜም ከሚፈለገው ንጹሕ ክሎሪን መብለጥ አለበት። ያነሰ ቁጥር ከወጣ ሒሳቡ ተገልብጧል ማለት ነው።

4. ውሃው ስንት ፒ.ፒ.ኤም. ይፈልጋል?

ከሁሉ የሚያሳስተው ይህ ነጥብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ፣ የውሃው ፒ.ኤች. ከ8 በታች ሆኖ ክሎሪኑ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ከውሃው ጋር ከቆየ በኋላ 0.5 ፒ.ፒ.ኤም. ነጻ ክሎሪን ሳይሠራ ሊቀር ይገባል ይላል። ይህ የቀሪው መጠን እንጂ የሚጨመረው መጠን አይደለም። በውሃው ውስጥ ያለ አፈር፣ የቅጠል ብስባሽ፣ ብረትና ረቂቅ ሕዋሳት ከሚጨመረው ክሎሪን የየራሳቸውን ድርሻ ይበላሉ። ስለሆነም 0.5 ፒ.ፒ.ኤም. እንዲቀር የሚፈልግ ሰው 0.5 ፒ.ፒ.ኤም. ብቻ ቢጨምር፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ምንም ላያገኝ ይችላል።

ውሃው የሚበላውን ለማወቅ የባልዲ ሙከራ ይደረጋል። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

ሀ) በላስቲክ ማሰሮ ውስጥ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 15 ግራም የ65 በመቶ ኤች.ቲ.ኤች. ይበጠበጥና ዝቃጩ ይረጋ። ከላይ ያለው ጥሩ ፈሳሽ አንድ በመቶ ገደማ ይሆናል። ይህም ማለት በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም ክሎሪን አለ ማለት ነው።

ለ) አራት የላስቲክ ባልዲዎች እያንዳንዳቸው 20 ሊትር ከማጠራቀሚያው ምንጭ በመጣ፣ ክሎሪን ባልነካው ውሃ ይሞሉ። የብረት ባልዲ ክሎሪኑን ስለሚበላ አይጠቅምም።

ሐ) መርፌ በሌለው ስሪንጅ ለመጀመሪያው ባልዲ 2፣ ለሁለተኛው 4፣ ለሦስተኛው 6፣ ለአራተኛው 8 ሚሊ ሊትር ይጨመር። በቅደም ተከተል 1፣ 2፣ 3 እና 4 ፒ.ፒ.ኤም. ይሆናሉ።

መ) ባልዲዎቹ ተማስለውና ተከድነው ከፀሐይ ውጭ ለ30 ደቂቃ ይቆዩ። ከዚያም በእያንዳንዳቸው የቀረው ነጻ ክሎሪን በዲ.ፒ.ዲ. ቁጥር 1 እንክብልና በቀለም ማነጻጸሪያው ይለካ።

በምሳሌያችን ውሃ የመጀመሪያው ባልዲ 0፣ ሁለተኛው 0.1፣ ሦስተኛው 0.6፣ አራተኛው 1.5 ፒ.ፒ.ኤም. አሳይተዋል እንበል። ከ0.5 ያላነሰ ቀሪ ያሳየው አነስተኛ መጠን የሦስተኛው ባልዲ ነው። ስለዚህ ለዚህ ውሃ የሚጨመረው 3 ፒ.ፒ.ኤም. ነው።

የባልዲ ሙከራ ሌላም ጥቅም አለው። ሙከራው የሚደረገው በማኅበሩ እጅ ባለው በዚያው ዱቄት ስለሆነ፣ ዱቄቱ በመቆየት ጥንካሬው ቀንሶ ቢሆን እንኳ ድካሙ በውጤቱ ውስጥ አብሮ ይገባል። ዱቄቱ 65 በመቶ መሆኑ ቀርቶ 50 ቢሆንም፣ በባልዲው ያሠራው የዱቄትና የውሃ መጣኔ በማጠራቀሚያውም ያሠራል። ስለዚህ አዲስ መያዣ ሲከፈት፣ ዝናብ ሲገባና ሲወጣ፣ እንዲሁም ምንጩ ሲለወጥ ሙከራው ሊደገም ይገባል።

5. የምሳሌው ሒሳብ

በሞላው ማጠራቀሚያ፦ 6.78 × 3 = 20.3 ግራም ንጹሕ ክሎሪን። ይህ ለ65 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 31 ግራም ኤች.ቲ.ኤች. ይሆናል። ማኅበሩ ያለው 5 በመቶ በረኪና ከሆነ፣ 20.3 ለ50 ሲካፈል 0.4 ሊትር ወይም 400 ሚሊ ሊትር ያህል ይሆናል።

አሁን ውሃው 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው እንበል። መጠኑ 4.52 × 0.6 = 2.71 ሜትር ኩብ ሲሆን የሚያስፈልገው ዱቄት 12.5 ግራም ነው። የሞላ ጋን መጠን የሆነው 31 ግራም በዚህ ውሃ ላይ ቢጨመር 7.5 ፒ.ፒ.ኤም. ይሆናል። ውሃው ከሚበላው በኋላ 5 ፒ.ፒ.ኤም. ገደማ ይቀራል፤ ይህም የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ካስቀመጠው የክሎሪን ወሰን ላይ የሚደርስ ነው። ከዚህም በጣም ባነሰ መጠን ብዙ ሰው ሽታውን ይጠላዋል።

በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ሲታሰብ የሚያስፈልገው ዱቄት 2.1 ግራም ነው። ይህን ቁጥር በዘንጉ ላይ ወይም በማጠራቀሚያው ክዳን ሥር መጻፍ ይጠቅማል። የጋን ጠባቂው ዘንጉን አስገብቶ የረጠበውን ምልክት ይቆጥራል፤ በ2.1 ያባዛል። ከትናንት የተረፈው ውሃ በቂ ቀሪ ክሎሪን ካለው፣ የሚቆጠረው አዲስ የገባው ውሃ ብቻ ነው። ለምሳሌ ውሃው ከ60 ወደ 150 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ አዲሱ 90 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 9 × 2.1 = 19 ግራም ይጨመራል።

ግራም የሚመዝን ሚዛን በማኅበሩ ከሌለ፣ አንድ የላስቲክ ማንኪያ ለዚህ ብቻ ተለይቶ ሚዛን ባለበት ቦታ ይለካ። በጠርዙ ልክ የተስተካከለ አሥር ማንኪያ ዱቄት መዝኖ ለአሥር ማካፈል የአንዱን ማንኪያ ክብደት ይሰጣል። የተቆለለ ማንኪያ ከሰው ሰው ስለሚለያይ መለኪያ አይሆንም።

6. አጨማመር

ዱቄቱ እንደ ደረቀ ወደ ማጠራቀሚያው አይበተንም፤ ወደ ወለሉ ሰጥሞ በአንድ ቦታ ይቀራል። በላስቲክ ባልዲ ውስጥ አስቀድሞ ውሃ ይደረግና ዱቄቱ በውሃው ላይ ቀስ እያለ ይጨመራል። ውሃን በዱቄት ላይ ማፍሰስ ግን አደገኛ ነው፤ ሊፈናጠርና ጋዝ ሊያወጣ ይችላል። ፈሳሹ ከተማሰለ በኋላ ነጩ ዝቃጭ እስኪረጋ ይቆይና ጥሩው ብቻ ወደ ማጠራቀሚያው ይፈስሳል። ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ ውሃው እየገባ ሳለ ነው፤ የሚወርደው ውሃ ራሱ ይቀላቅለዋል።

ክሎሪኑ ከገባ በኋላ የመውጫው ቧንቧ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ይዘጋ። ለዚህ ማታ ማታ መጨመር ይመቻል። የውሃው ፒ.ኤች. ከ8 ሲያልፍ ክሎሪኑ በጣም ይደክማል፤ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታዎች ያለው የጉድጓድ ውሃ እንዲህ ያለ ጠባይ አለው። በዚህ ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይበቃምና የቆይታው ጊዜ መርዘም አለበት።

ውሃው ድፍርስ ከሆነ ክሎሪን በመጨመር ብዛት አይታከምም። ተህዋስያን በአፈሩ ውስጥ ተሸሽገው ያመልጣሉ። አስቀድሞ ማርጋት ወይም ማጣራት ያስፈልጋል። ለማርጊያ አሉሚኒየም ሰልፌት ሲጨመርም ያው የሜትር ኩብና የፒ.ፒ.ኤም. ደንብ ያገለግላል፤ ልዩነቱ የአሉሚኒየም ሰልፌት ፒ.ፒ.ኤም. የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ በዱቄቱ ክብደት ስለሆነ በጥንካሬ ማካፈል የሌለበት መሆኑ ነው።

7. ውጤቱን ማረጋገጥና ስህተትን ማወቅ

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቀሪው ክሎሪን ከማጠራቀሚያው መውጫና ከመጨረሻው ቧንቧ ይለካ። ቀለሙ ሲቆይ ስለሚለወጥ እንክብሉ እንደሟሟ ወዲያው ይነበብ። በምሳሌያችን ከ0.5 እስከ 0.7 መገኘት አለበት።

በመውጫው ላይ 0.6 ተገኝቶ በመጨረሻው ቧንቧ ላይ ምንም ካልተገኘ ጥፋቱ ከመጠኑ ሳይሆን ከመስመሩ ነው። ቧንቧው ውስጡ ቆሽሿል ወይም ተሰንጥቆ ቆሻሻ ያስገባል። መጠኑን ከመጨመር ይልቅ መስመሩን መፈተሽ ይገባል። በሁለቱም ቦታ ቀሪው በድንገት ከወረደ ደግሞ ውሃው ተለውጧል ወይም ዱቄቱ ደክሟል፤ የባልዲው ሙከራ ይደገም።

ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው ስህተት አንድ አለ። ክሎሪን እጅግ ሲበዛ፣ ማለትም ከ10 ፒ.ፒ.ኤም. ሲያልፍ፣ የዲ.ፒ.ዲ.ን ሮዝ ቀለም ራሱ ያጠፋዋል። ቀለም ብልጭ ብሎ ይጠፋል ወይም ከነጭራሹ አይታይም። ለካዩ «ክሎሪን የለም» ብሎ ተጨማሪ ዱቄት ሊጨምር ይችላል። ውሃው ጠንከር ያለ የክሎሪን ሽታ እያለው መለኪያው ባዶ ካሳየ፣ አንድ እጅ ውሃ በዘጠኝ እጅ ዲስቲልድ ውሃ ቀጥኖ እንደገና ይለካና የተገኘው ቁጥር በ10 ይባዛ።

8. የወተት ዕቃ ማለቅለቂያ

ለወተት ጋኖችና ባልዲዎች ማለቅለቂያ የሚያስፈልገው መጠን ከመጠጥ ውሃው እጅግ የሚበልጥ ስለሆነ ሁለቱ መቀላቀል የለባቸውም። ለዕቃ ከ100 እስከ 200 ፒ.ፒ.ኤም. ይሠራበታል። በ20 ሊትር ባልዲ 100 ፒ.ፒ.ኤም. ለማግኘት 20 ሊትር × 100 ሚሊ ግራም = 2,000 ሚሊ ግራም ወይም 2 ግራም ክሎሪን ያስፈልጋል። ይህም 40 ሚሊ ሊትር የ5 በመቶ በረኪና ነው።

ወተት ክሎሪንን ይበላል። በጋኑ ውስጥ የወተት ቅሪት ካለ የማለቅለቂያው ኃይል ወዲያው ያልቃል። ስለዚህ ዕቃው አስቀድሞ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ታጥቦ መለቅለቅ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ብቻ በክሎሪኑ ውሃ ለሁለት ደቂቃ ያህል ይረጥባል። ዕቃው ይገለበጥና ይንጠፍጠፍ። የአሉሚኒየም ዕቃ በክሎሪን ውሃ ውስጥ ተነክሮ ካደረ ይበላል፤ ጉድጓድ ጉድጓድ የሆነ ገጽታው ለወተት ቅሪት መደበቂያ ይሆናል።

9. አቀማመጥ

የህብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ብዙውን ጊዜ አንድ ክፍል ነው፤ ማዳበሪያው፣ ናፍጣውና የተባይ መድኃኒቱ አብረው ይከማቻሉ። ኤች.ቲ.ኤች. ከእነዚህ ጋር ፈጽሞ መቀመጥ የለበትም። ከናፍጣና ከዘይት ጋር ሲገናኝ እሳት ያስነሳል፤ ከዩሪያና አሞኒየም ካለበት ማዳበሪያ ጋር ሲቀላቀል አደገኛ ጋዝ ያወጣል፣ ሊፈነዳም ይችላል፤ ከአሲድ ጋር መርዘኛ የክሎሪን ጋዝ ይለቅቃል። ማዳበሪያ የተሰፈረበት ጣሳ ወይም ማንኪያ ደርቆ እንኳ ወደ ክሎሪኑ መግባት አይገባውም።

ዱቄቱ በራሱ መያዣ ውስጥ በደንብ ተከድኖ፣ በደረቅ፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ለብቻው ይቀመጥ። የተከፈተበት ቀን በመያዣው ላይ ይጻፍ። በረኪና ከዱቄቱ ይልቅ ቶሎ ይደክማልና ብዙ ገዝቶ ማከማቸት አይጠቅምም። የሚመዝነውና የሚበጠብጠው ሰው የጎማ ጓንትና የዓይን መሸፈኛ ማድረግ አለበት፤ ሥራውም አየር በሚነፍስበት ቦታ ይከናወን።

10. በመዝገብ የሚጻፉ ነገሮች

የጋን ጠባቂው በእያንዳንዱ ቀን አምስት ነገሮችን ይጻፍ፦ ቀኑን፣ በዘንጉ የተነበበውን ጥልቀት፣ የተጨመረውን ግራም፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ የተለካውን ቀሪ ክሎሪንና ዱቄቱ የተከፈተበትን ቀን። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ለጉብኝት ሲመጣ ግራሙን ለጥልቀቱ ያካፍል። በምሳሌያችን ማኅበር በየ10 ሴንቲ ሜትሩ 2.1 ግራም የነበረው በሌላ ወር 3 ግራም ደርሶ ቀሪው ያው 0.6 ከሆነ፣ ወይ ምንጩ ተበክሏል ወይ ዱቄቱ ደክሟል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ያው ውሃ በአዲስ ዱቄት በባልዲ ይሞከር። አዲሱ ዱቄት በ2.1 ግራም ልክ 0.6 ካስቀረ ችግሩ ከመያዣው ነው፤ ካላስቀረ ግን ወደ ምንጩ ወጥቶ አጥሩን፣ ክዳኑንና የላይኛውን ተፋሰስ መመልከት ያስፈልጋል።